30 H7/p6 ሲባል ጥብቀቱ እስከ ስንት ይደርሳል?

በሥዕል ላይ 30 H7/p6 ቢጻፍ፣ 30 ሚሊሜትር የመነሻው ልክ ነው። ትልቁ H ቀዳዳውን፣ ትንሹ p ዘንጉን፣ ቁጥሮቹ የቶለራንሱን ደረጃ ይነግሩናል።

ከሠንጠረዡ «ከ18 በላይ እስከ 30» የሚለውን መስመር እናንብብ፤ 30 ወደሚቀጥለው መስመር አያልፍም። H7 ከ0 እስከ +21፣ p6 ከ+22 እስከ +35 ማይክሮን ነው።

አንዳንዱ ሠልጣኝ ትልቁን ከትልቁ ያገናኝና 35 − 21 = 14 ይላል። አይደለም! ዘንጉ በጣም የሚጠብቀው ትልቁ ዘንግ ትንሹ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ነው፤ 35 − 0 = 35 ማይክሮን፣ ማለትም 0.035 ሚሊሜትር። በ14 አስቦ ፕሬስ ላይ የሚያስገባ ሰው ቀጭኑን ቡሽንግ ሊሰነጥቀው ይችላል።

የላላ ግጥም ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከትልቁ ቀዳዳ ትንሹን ዘንግ እንቀንሳለን። g6 ከ−20 እስከ −7 ስለሆነ፣ የ30 H7/g6 ከፍተኛ ክፍተት 21 − (−20) = 41 ማይክሮን ይሆናል። የመቀነስ ምልክቷን የረሳ 1 ብቻ ያገኛል!