«አንተ» እና «አንቱ» ከገዳሪፍ ለመጣ ተማሪ

በመተማና በአካባቢው የምናስተምር መምህራን ክፍላችን ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናገኘው አንድ ዓይነት ተማሪ አለ። ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ እሱ ግን የተወለደው ወይም ያደገው ገዳሪፍ ነው። አንዳንዱ ቤተሰብ ለሰሊጥና ለማሽላ አዝመራ ሥራ ተሻግሮ እዚያው የቀረ ነው፤ ሌላው በስደት የሄደ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በገላባት በኩል ወደ መተማ የገባው ሰው ብዙ ነው። ከእነዚህ መካከል ዓረብኛ እንደ ውኃ የሚፈስለት፣ አማርኛውን ግን ከእናቱ ጓዳ ብቻ የሰማ ወጣት ጥቂት አይደለም። ይህ ወጣት ሰዋስው ሳይሆን ሰው ያስቀይመዋል። ይኸውም ሽማግሌውን፣ አለቃውንና አማቱን «አንተ» ስለሚል ነው።

ባለጌ ነው ብሎ መፍረድ ግን ስሕተት ነው። ገዳሪፍ ሳለ አክብሮትን በሚገባ ያውቅ ነበር። በሱዳን ዓረብኛ አንድ ሰው የሚጠራው «ኢንታ»፣ አንዲት ሴት «ኢንቲ» ተብለው ነው፤ ለሽማግሌም ለሕፃንም ቃሉ ያው ነው። አክብሮቱ የሚቀመጠው በመጠሪያው ላይ ነው። «ያ ሐጅ»፣ «ያ ዐም»፣ «ያ ኻል»፣ «ያ ኡስታዝ» ካለ በኋላ ግሡን እንደ ልቡ ሊጠቀምበት ይችላል። «ያ ሐጅ፣ ኢንታ ጂት ሚን ወይን?» ብሎ ሲጠይቅ ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ይመልሳሉ። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ወደ አማርኛ አምጥቶ «አባባ፣ አንተ ከየት መጣህ?» ሲል ግን የተቀመጠው ሰው ሁሉ ፊቱን ያጠቁራል። በአማርኛ አክብሮቱ ያለው በግሡ ላይ ነውና «አባባ» ብቻውን አያድነውም።

አንድ ሌላ ወጥመድም አለ። በሱዳን ዓረብኛ ብዙ ሰዎችን ሲጠሩ «ኢንቱ» ይባላል። ተማሪው ወደ ጎንደር ገጠር ወጣ ብሎ «አንቱ» የሚለውን ሲሰማ ጆሮው የለመደው ስለሚመስለው የብዙ ቁጥር ያደርገዋል፤ ጓደኞቹንም ሰብስቦ «አንቱ፣ ኑ!» ይላል። በእኛ ዘንድ «አንቱ» ለአንድ የተከበረ ሰው ብቻ ነው፤ ለብዙዎች «እናንተ» እንላለን። «አንቱ» እና «እርስዎ» ሥራቸው አንድ ሲሆን የመጀመሪያው በገጠር፣ ሁለተኛው በከተማና በጽሕፈት ይበዛል። ከሁለቱ አንዱን መርጦ መያዝ ይበቃል፤ ግሡ አይለወጥም። ትግርኛ ተናጋሪ የሆነው ተማሪ ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታል። በቋንቋው «ንስኹም» ለተከበረ ወንድ፣ «ንስኽን» ለተከበረች ሴት ስለሚባል፣ የአክብሮት ቅርጹ ከብዙ ቁጥር ጋር የተዛመደ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ሽማግሌ «እናንተ» ሊል ይችላል።

ፈረንሳይኛ የተማሩ ባልደረቦቻችን «ቱ» እና «ቩ» የሚባለው ነው ይሉናል። ነገሩ ይመሳሰላል፤ ግን ልዩነት አለው። የፈረንሳይ «ቩ» ከ«እናንተ» የተወሰደ ነው። የአማርኛው የአክብሮት ግሥ ግን ከ«እነርሱ» ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ በዚህ ወደ ጀርመንኛ ይቀርባል። «መጣህ» የነበረው «መጡ»፣ «ትመጣለህ» የነበረው «ይመጣሉ»፣ «ና» የነበረው «ይምጡ» ይሆናል። ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ተማሪው እዚህ ድረስ በቶሎ ይይዘዋል።

ችግሩ የሚመጣው ይህን ሕግ አምኖ እስከ መጨረሻው ሲሄድ ነው። «ለትልቅ ሰው እንደ እነርሱ እናገራለሁ» ብሎ የተማረ ልጅ አንድ ሽማግሌ ፊት ቆሞ «ስማቸው ማን ነው?» ይላል። ሽማግሌው ዘወር ብለው ሦስተኛ ሰው ይፈልጋሉ። ተማሪው የት ላይ እንደ ተሳሳተ የሚታወቀው በዚህ የአንገት መዞር ነው። ባለቤት ሆነው ሲመጡ ግሡ አንድ ቢሆንም፣ ከስም ጋር ሲያያዙና ተሳቢ ሲሆኑ ግን ፊት ለፊት ያሉትና በሌሉበት የሚነሡት ይለያያሉ። ለፊት ለፊቱ «ስምዎ»፣ «አየሁዎት»፣ «ደህና ነዎት»፣ «ጊዜ አለዎት» ነው፤ በሌሉበት ሲነሡ «ስማቸው»፣ «አየኋቸው»፣ «ደህና ናቸው»፣ «ጊዜ አላቸው» ነው። ከሰዋስው ገጽ ይልቅ ይህችን አንዲት «ዎ» ማስለመድ ይበልጥ ይጠቅማል።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከገዳሪፍ የመጣው ወጣታችን መተማ ላይ አንዲት ልጅ አጭቷል እንበል፤ እሑድ ከቤተሰቧ ጋር ይተዋወቃል። ቤት ውስጥ አባት፣ እናት፣ ታላቅ ወንድምና ታናሽ እኅት አሉ።

በሩ ላይ ሲደርስ «ጤና ይስጥልኝ» ይበል። ይህ ሰላምታ ማንንም «አንተ» ወይም «እርስዎ» ሳይል የሚያልፍ ስለሆነ ቤቱ ውስጥ ማን ማን እንደሆነ ላላወቀ ሰው መሸሸጊያ ነው። ሲያመሰግንም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ተመሳሳይ ጥቅም አለው። ቤተሰቡ እስላም ከሆነ «አሰላሙ ዐለይኩም» አለለት፤ እሱን ከገዳሪፍ ይዞት መጥቷል።

አባትየው «ግባ ልጄ፣ ተቀመጥ፤ ደህና ነህ?» ይሉታል። እዚህ ላይ ነው ጀማሪው ሁሉ የሚወድቀው። የተጠየቀበትን ቃል መልሶ «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» ይላል። በአማርኛ ግን ታላቅና ታናሽ እኩል አይመላለሱም፤ ከላይ «ነህ» ሲወርድ ከታች «ነዎት» ይወጣል። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንዴት ነዎት?» ማለት አለበት። ተማሪዎቻችንን ይህን አንድ መልስ ብቻ ደጋግመን ብናስለምዳቸው ከስሕተቶቻቸው ብዙው በወረደ ነበር።

ከዚያ እናትየው ቡና ይዘው ይገባሉ። እጮኛው «እማዬ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ» ስትል ይሰማል። እሷ ከልጅነቷ የለመደችው ስለሆነ አያስነውራትም፤ ብዙ ልጆች እናታቸውን «አንቺ» ይላሉ። እሱ ከእጮኛው አፍ የሰማውን ቢደግም ግን በአንድ ቃል የቤቱ ልጅ ልሁን ማለቱ ነው፤ ያ ደግሞ ገና አልተፈቀደለትም። «እማማ፣ ይቀመጡ» ይበል። በጎን ለእጮኛው ሲናገርም «አባትሽ መጣ?» ሳይሆን «አባትሽ መጡ?» ማለት ይገባዋል፤ አባትየው ባይሰሙም እሷ ትሰማለች። (እዚህ ላይ አንድ ጎበዝ ተማሪ «ታዲያ እግዚአብሔርን ለምን አንተ እንላለን?» ብሎ ጠይቆን ያውቃል። እውነቱን ነው፤ ጸሎት ላይ «አንቱ» የለም። ግዕዝም የአክብሮት «አንቱ» የለውም።)

በአንዳንድ የገጠር ቤት ደግሞ አማቶች ራሳቸው አማቻቸውን «አንቱ» ሲሉት ይገኛል። ወጣቱ ልጅ ሆኖ ሳለ በ«አንቱ» ሲጠራ የሚያሾፉበት ሊመስለው ይችላል። አይደለም፤ የዝምድናው ክብር ነው። እሱም በ«አንቱ» ይመልስ እንጂ «ኧረ አንተ በሉኝ» ብሎ አይከራከር።

ታላቅ ወንድሙ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። ዕድሜው ከእሱ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ቢበልጥ ነው። ወጣታችን በ«እርስዎ» ይጀምር፤ ይህ አያስወቅስም። ትንሽ ከተጫወቱ በኋላ ወንድምየው «ኧረ አንቱታውን ተወው፤ ወንድማማቾች አይደለን?» ይለዋል። ይህ የመሸጋገሪያው በር ነው፤ በሩን የሚከፍተው ሁልጊዜ ታላቁ ነው፤ ታናሹ «አንተ ልበልህ?» ብሎ አይጠይቅም። አንድ ጊዜ «እንዴት ብዬ!» ማለት ደግ ነው። ሁለተኛ ሲባል ግን «እሺ» ብሎ በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ወዲያው «ሥራህ የት ነው?» ብሎ መሻገር አለበት። ከዚህ በኋላ በ«እርስዎ» መድረቅ ወንድምነቱን እንደ መግፋት ይቆጠራል። አንዴ ወደ «አንተ» ከገቡ በኋላም ያለ ምክንያት ወደ «እርስዎ» መመለስ መኳረፍን ወይም ሽሙጥን ያሳያል። «እርስዎማ ትልቅ ሰው ነዎት» የሚለውን ያልሰማ የለም። «ጋሼ» ብሎ በ«አንተ» ማውራትም በከተማ የተለመደ መካከለኛ መንገድ ነው። ይህ ለገዳሪፉ ልጅ በጣም ይስማማዋል፤ «ያ ኻል፣ ኢንታ» ከሚለው ልማዱ ጋር አንድ ነውና። ታዲያ ለታላቅ ወንድም እንጂ ለአማት አይሆንም።

ታናሽ እኅቲቱ አሥር ዓመቷ ነው። «እርስዎ ስምዎ ማነው?» ቢላት ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል፤ ሳቅ ግን ማንንም አልጎዳም። ጀማሪ የትኛው እንደሚስማማ ሲጠራጠር ወደ «እርስዎ» ያዘንብል የምንለውም ስለዚህ ነው። አክብሮት ቢበዛ ያስቃል፤ ቢያንስ ያስቀይማል።

በመምህራን ክፍል ያለው ልማድ አጭር ነው። እኩዮች «አንተ» ይባባላሉ፤ አዲስ የመጣ መምህር ርእሰ መምህሩንና በዕድሜ የገፉትን በ«እርስዎ» ይጀምራል። ልብ የማይባለው ተማሪ ፊት የሚደረገው መቀያየር ነው። ሻይ ላይ «አንተ» የምንለውን ባልደረባችንን ክፍል ውስጥ ስናነሣ «የሒሳብ መምህራችሁ ነግረዋችኋል» እንላለን። ከገዳሪፍ የመጣ አዲስ ባልደረባ «ነግሮአችኋል» ቢል፣ ተማሪዎቹ በማግስቱ የሒሳቡን መምህር በዚያው ግሥ ያነሡታል።

ሲሳሳትስ? ረጅም ይቅርታ ነገሩን ያጎላዋል። «ከየት መጣህ… ይቅርታ፣ ከየት መጡ?» ብሎ ግሡን ብቻ አርሞ ማለፍ ይበቃል። «እርስዎ ከየት መጣህ?» ብሎ ተውላጠ ስሙን ብቻ ማስተካከል ግን ከመጀመሪያው ይብሳል። ቃሉ ጨርሶ ከጠፋውም «እዚህ መቀመጥ ይቻላል?» ዓይነት ባለቤት የሌለው ጥያቄ አለለት።

እኛ ለማለማመድ ሦስት ወንበር ፊት ለፊት እናስቀምጣለን። በአንዱ አያት፣ በሁለተኛው የሥራ ባልደረባ፣ በሦስተኛው ሕፃን ሆነው የሚጫወቱ ተማሪዎች ይቀመጣሉ። ተማሪው ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ «ስም»፣ «መጣ»፣ «ተቀመጠ» እና «አየ» በሚሉት ቃላት ብቻ ያነጋግራቸዋል። በሁለተኛው ዙር የወንበሮቹን ቅደም ተከተል ሳይነገረው እንቀያይረዋለን። በሦስተኛው ዙር ባልደረባው ድንገት «አንቱታውን ተወው» ይለዋል፤ ተማሪው በዚያው ትንፋሽ ግሡን ከቀየረ አልፏል፤ ቆም ብሎ ካሰበ ለሚቀጥለው ሳምንት ይደግማል።