CNAME ባዶው ዶሜይን ላይ ለምን አይቀመጥም?

ባለፈው ሴሚስተር በተማሪዎች ጋዜጣችን ላይ አንዲት አጭር እርምት ወጥታ እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል። አሞራ ገደል ዓሣ የሚነግዱ አንድ አባት የነገሩኝን የጅምላ ዋጋ ከችርቻሮው ጋር አቀላቅዬ ጽፌ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ ጋሼ ፈገግ ብለው «ልጄ፣ እኛ እኮ ሳይታተም በፊት ጽፈንልሃል» አሉኝ። ልጃቸውም ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። እውነትም ለጋዜጣው አድራሻ እርማቱን በኢሜይል ልኳል። መልእክቱ ግን ለቀናት ሲንከራተት ቆይቶ «አልደረሰም» ተብሎ ተመልሶበታል።

ጥፋቱ የማን ነው ብዬ ሳጣራ መጨረሻው እኔው ጋ መጣ። የጋዜጣውን ድረ ገጽ ወደ አዲስ ማስቀመጫ ያዛወርኩት እኔ ነኝ። በዶሜይኑ የመዝገብ ገጽ ላይ የሠራኋት አንዲት መስመር ናት የሰውየውን ኢሜይል የበላችው። ነገሩ እንዲህ ነው።

ዶሜይን ስንል ከጀርባው ትንሽ መዝገብ አለ። በመዝገቡ ውስጥ A የሚባለው መስመር ስሙን ከሰርቨር ቁጥር ጋር ያገናኛል። MX የዚያ ስም ኢሜይል ወደየት እንደሚሄድ ይናገራል። NS ደግሞ መዝገቡን የሚይዙት ሰርቨሮች እነማን እንደሆኑ ያሳያል። CNAME ከእነዚህ ይለያል። ስለራሱ ምንም አይናገርም፤ «እኔን ተውኝ፣ ሁሉንም ነገር እዚያኛው ስም ጋ ጠይቁ» ነው የሚለው። ፒያሳ ያለ ሱቅ ተዘግቶ በሩ ላይ «ወደ አቶቴ ተዛውረናል» የሚል ወረቀት እንደሚለጠፈው ማለት ነው። ወረቀቱን ያየ ሰው ዕቃም ይፈልግ ደብዳቤም ይዞ ይምጣ ወደ አቶቴ ይሄዳል እንጂ በሩን አያንኳኳም።

ባዶው ዶሜይን የምለው ፊቱ ላይ www የሌለውን፣ መዝገቡ የሚጀምርበትን ስም ነው። በብዙ የመዝገብ ገጾች ላይ በ@ ምልክት ይጻፋል። የነጥቦቹ ቁጥር ግን አያሳስታችሁ። በ.et ሥር በcom.et የተመዘገበ ድርጅት ባዶው ስሙ ሦስት ክፍል አለው፤ ያም ሆኖ ባዶው ስም እሱ ነው።

የእኔ መዝገብ ይህን ይመስል ነበር። እውነተኛውን ስም ትቼ በምሳሌ ስም ተክቼዋለሁ።

```
@    IN NS    ns1.example.com.
@    IN MX 10 mail.example.com.
@    IN CNAME pages.example.net.
www  IN CNAME pages.example.net.
```

አራተኛው መስመር ምንም ችግር የለበትም። www የሚለው ስም ሌላ ሥራ ስለሌለው ወረቀት ቢለጠፍበት የሚጎዳ የለም። ጣጣው ሦስተኛው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው አር ኤፍ ሲ 1034 የተባለው የስም ሥርዓቱ ሰነድ CNAME ያለበት ስም ሌላ መረጃ ሊይዝ አይገባም ይላል። ባዶው ስም ደግሞ የግድ NS እና SOA የሚባለውን የመዝገቡን መክፈቻ መያዝ አለበት፤ ያለነሱ ዶሜይን አይሆንም። ስለዚህ ኢሜይል ባይኖራችሁ እንኳ ሁለቱ ሕጎች እዚያ ቦታ ላይ ይጋጫሉ።

«ሕጉ ለምን እንዲህ ሆነ?» ትሉ ይሆናል። እኔም የኮሌጃችንን ላብራቶሪ ቴክኒሻን ይህንኑ ጠየቅሁት። ወረቀት አውጥቶ ሥሎ አስረዳኝ። እኛ አድራሻ ስንጽፍ መልሱን ፈልጎ የሚያመጣልን መካከለኛ ሰርቨር አለ። ይህ ሰርቨር አንዴ ያገኘውን መልስ ለተወሰነ ጊዜ ያስታውሳል፤ የእኔ መዝገብ 3600 ሴኮንድ፣ ማለትም አንድ ሰዓት ይል ነበር። CNAME ያገኘ እንደሆነ ደግሞ ስለዚያ ስም ሌላ ምንም ስለማይኖር ዋናውን ሰርቨር እንደገና መጠየቅ አያስፈልገውም። ሕጉ የወጣው ይህን ድካም ለመቀነስ ነው።

እንግዲህ የጋሼ ልጅ ኢሜይሉን ሲልክ የሆነው ይህ ነው። ቀደም ብሎ አንድ ሰው በዚያው መካከለኛ ሰርቨር በኩል ጋዜጣችንን ከፍቷል፤ ሰርቨሩም CNAMEን ያዘ። በዚያ ሰዓት ውስጥ የኢሜይል ሰርቨሩ መጥቶ «የዚህ ስም MX ማን ነው?» ሲል፣ መካከለኛው እኛን ሳይጠይቅ ወደ pages.example.net መራው። እዚያ MX የለም። MX ከሌለ ኢሜይል የስሙን A ቁጥር ይዞ እዚያው ለማድረስ ይሞክራል። ያ ሰርቨር ግን ድረ ገጽ እንጂ ኢሜይል አይቀበልም። መልእክቱ ተሰልፎ ሲሞክር፣ ሲሞክር ቆይቶ ተመለሰ።

በጣም ያታለለኝ አንዳንዱ ኢሜይል መድረሱ ነው። መካከለኛው ሰርቨር CNAMEን ገና ካልያዘና በቀጥታ MXን ከጠየቀ ትክክለኛውን መልስ ያገኛል። እኔ ለሙከራ የላክሁት ደረሰ፤ የጋሼ ልጅ የላከው ቀረ። ድረ ገጹም በደንብ ይከፈት ስለነበር ማን ይጠረጥራል?

ብዙ የመዝገብ ገጾች ይህን ስህተት አስቀድመው ይከለክላሉ። ባይንድ የተባለው የስም ሰርቨር ፕሮግራም ለምሳሌ `CNAME and other data` ብሎ መዝገቡን አልጭንም ይላል። እኔ የተጠቀምኩበት ግን ዝም ብሎ ተቀበለኝ። የእናንተን ለማየት ይህችን ትእዛዝ ጻፉ፦

```
dig example.com MX
```

በመልሱ ውስጥ ባዶው ስማችሁ ፊት CNAME ካያችሁ ነገሩ ተበላሽቷል። አንዴ ደህና መልስ ስለመጣ ብቻ አትመኑ፤ ስሙን መጀመሪያ በA ጠይቃችሁ ከዚያ በMX ድገሙት።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? የመጀመሪያውና ቀላሉ በ@ ላይ CNAMEን ትቶ A ማስቀመጥ ነው። ጊትሃብ ፔጅስ ለምሳሌ ለዚሁ ሲል ከ185.199.108.153 እስከ 185.199.111.153 አራት ቁጥሮችን ይሰጣል። እኛም ከማስቀመጫችን ቁጥር ተቀብለን ያደረግነው ይህንኑ ነው። ጉዳቱ ባለቤቱ ቁጥሩን የቀየረ ቀን እናንተ ካልቀየራችሁ ገጹ ይጠፋል።

ሁለተኛው በአንዳንድ ድርጅቶች ገጽ ላይ ALIAS ወይም ANAME ተብሎ የሚታየው ነው። ክላውድፍሌርም ይህንኑ ሥራ CNAMEን በመዘርጋት ይሠራዋል። የስም ሰርቨሩ ራሱ ወደ አቶቴ ሄዶ ቁጥሩን ያመጣና ለጠያቂው ተራ A አድርጎ ይሰጠዋል። ውጭ የሚታይ CNAME ስለሌለ MX አይነካም፤ ቁጥሩ ሲቀየርም ራሱ ይከተላል። ነገር ግን ይህ የየድርጅቱ ብልሃት እንጂ የጋራ ሕግ ስላልሆነ ዶሜይኑን ወደ ሌላ ቤት ስታዛውሩ አብሮ ላይመጣ ይችላል።

ሦስተኛው ባዶውን ስም ወደ www ማሻገር ነው። ባዶው ስም A ይዞ አንዲት ትንሽ ሰርቨር ላይ ያርፋል፤ እሷም ጎብኚውን ወደ www ትልከዋለች። እዚህ ላይ የሚረሳው ያቺ ሰርቨር ለባዶው ስምም የደህንነት ሰርተፊኬት ያስፈልጋታል፤ አለበለዚያ https ብሎ የመጣ ሰው ማስጠንቀቂያ ነው የሚጠብቀው።

እ.ኤ.አ. በ2023 HTTPS የሚባል አዲስ የመዝገብ ዓይነት ጸድቋል። ባዶው ስም ላይ ከMX ጎን ተቀምጦ የድረ ገጹን ጥያቄ ብቻ ወደ ሌላ ስም መምራት ይችላል። ማሰሻዎች ሁሉ ግን ስለማይከተሉት A አጠገቡ መኖር አለበት።

እኛ CNAMEን ካነሳን በኋላ አንድ ሰዓት ጠብቀን ለጋሼ ልጅ ደወልኩለትና እንደገና እንዲልክ ለመንኩት። ኢሜይሉ ወዲያው ገባ። እርምቷ የወጣችው ከዚያ ነው።