ክሎን ዋትሳፕ ሲጠፋ ቻቱ የት ይሄዳል? ተረትና እውነታ

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ የምትሸጥ ነጋዴ እናስብ። በ09 ቁጥሯ የአገር ውስጥ ደንበኞቿን፣ በ07 ቁጥሯ የውጭዎቹን ታስተናግዳለች፤ ሁለተኛው ዋትሳፕ የተከፈተው በስልኩ የክሎን አገልግሎት ነው። ስልኩ ሲሞላባት ክሎኑን አጠፋችው። የደንበኞች ልክና ትዕዛዝ አብሮ ሄደ። ይመለሳል?

ተረት፦ ቻቱ ሲም ካርዱ ላይ ስላለ ሲሙ እስካለ አይጠፋም።
እውነታ፦ ሲሙ ላይ አንድም መልእክት የለም። የሲሙ ሥራ የማረጋገጫ ቁጥሩን መቀበል ነው፤ ሲሙን ቢያወጡትም ቻቱ አይጠፋም። ሆኖም ዋትሳፕ ባክአፑን የሚከፍተው ያው ስልክ ቁጥር ሲረጋገጥ ስለሆነ ሲሙ ከጠፋ መጀመሪያ ምትክ ማውጣት ያስፈልጋል።

ተረት፦ ዋናው ዋትሳፕ ባክአፕ ካደረገ ክሎኑም ተቀምጧል።
እውነታ፦ ክሎኑ የራሱ ማከማቻ ያለው የተለየ ቅጂ ነው። በብዙ የሬድሚ ስልኮች ፋይሎቹ `/storage/emulated/999/` ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ዋናው ግን `/storage/emulated/0/` ነው። ክሎኑ ሲጠፋ የራሱ መረጃ አብሮ ይሰረዛል። ስለዚህ የነጋዴዋ ተስፋ ክሎኑ ውስጥ ገብታ በ`Chat backup` በኩል ወደ ጉግል ድራይቭ ልካ እንደሆነ ነው።

ተረት፦ እንደገና ከፍቶ መግባት ብቻ ይበቃል።
እውነታ፦ አደጋው እዚህ ነው። ቁጥሩ እንደተረጋገጠ ዋትሳፕ ባክአፕ ፈልጎ `Restore` ይላል። ካላገኘ ወይም ቸኩለው ካለፉት ባዶ አካውንት ይከፈታል፤ ቀጣዩ ባክአፕ ደግሞ ድራይቭ ላይ ያለውን የድሮውን ሊተካው ይችላል። ባክአፕ ሲደረግ የነበረው የጉግል አካውንት መግባቱን አስቀድማ ታረጋግጥ። አንዳንድ ክሎን የጉግል አካውንት አይደርስበትም፤ ያኔ ሲሙን ሌላ ስልክ ላይ አድርጋ፣ በዚያው የጉግል አካውንት ገብታ፣ ዋትሳፕን ጭና መመለስ ይሻላታል። ባክአፑን በይለፍ ቃል ቆልፋው ከነበረ ያለ ይለፍ ቃሉ አይከፈትም።

ተረት፦ ስልክ ጠጋኝ በሶፍትዌር ያወጣዋል።
እውነታ፦ የዛሬ አንድሮይድ ስልኮች መረጃን መስጥረው ያስቀምጣሉ፤ የተሰረዘውን የሚያነብ ሶፍትዌር የሚያገኘው ትርጉም የለሽ ፍርስራሽ ነው። «እሞክራለሁ» ብሎ በኤስኤምኤስ የሚመጣውን ባለ6 አሃዝ ቁጥር ለሚጠይቅ ግን መስጠት የለባትም፤ በዚያ ቁጥር አካውንቷን ሊወስደው ይችላል።

ተረት፦ ቴሌግራምም እንደዚሁ ነው።
እውነታ፦ የቴሌግራም ተራ ቻት ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ በዚያው ቁጥር ሲገባ ይመለሳል። ሚስጥራዊ ቻት ግን የተከፈተበት ስልክ ላይ ብቻ ስለሚኖር ክሎኑ ከጠፋ አይመለስም።

ክሎን ሊያጠፋ የተነሳ ሰው በመጀመሪያ ክሎኑን ከፍቶ `Chat backup` ላይ የመጨረሻው ባክአፕ ቀን የዛሬ መሆኑን ይይ። ቀኑ የቆየ ከሆነ `Back up` ተጭኖ እስኪያልቅ መጠበቅ አለበት።