ለግሸን መንገድ ምን ይሰነቅ? የስንቅ ዕድሜና «ነፃ ውሃ»

መስከረም 21 ቀን በግሸን ደብረ ከርቤ የሚከበረውን በዓል ለማክበር ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ፣ ደሴ ለመድረስ ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ መጓዝ አለበት። ከደሴ ወዲያም የአምባሰል ጠመዝማዛ መንገድና የአምባው አቀበት ይጠብቁታል። በዚህ ጉዞ ላይ የአንዱ ሰው የፍርፍር ሣህን ሲከፈት ሽታው አውቶቡሱን ሲሞላው፣ የጎረቤቱ ዳቦ ቆሎ ግን እንደተጠበሰ ዕለት ሲንኮሻኮሽ ይታያል። ሁለቱም በአንድ ምሽት የተሰናዱ ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ ከምን መጣ?

ብዙ ሰው «ውሃ ያለው ይበላሻል፣ የደረቀው ይቆያል» ይላል። አባባሉ ከእውነቱ ባይርቅም የተሟላ አይደለም። ማር ከመቶ 17 እጅ ያህል ውሃ እያለው ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል። ምክንያቱም ስኳሩ ውሃውን አጥብቆ ስለሚይዘው ለረቂቅ ተሕዋስያን የሚተርፍ የለም። ስለዚህ ወሳኙ ተሕዋስያን ሊጠቀሙበት የሚችሉት ነፃ ውሃ ነው። የምግብ ሳይንስ ሊቃውንት ይህን ከ0 እስከ 1 ባለው መለኪያ ይገልጹታል፤ ንጹሕ ውሃ 1 ነው። ከ0.85 በታች በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ሊራቡ አይችሉም፤ ከ0.60 በታች ደግሞ ሻጋታም ሆነ እርሾ አያድግም። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶና በሚገባ የደረቀ ድርቆሽ ከዚህ ከመጨረሻው ወሰን በታች ናቸው። ወጥ ግን ለ1 እጅግ የቀረበ ነው።

አሁን ወደ ፍርፍሩ እንመለስ። ማታ በ2 ሰዓት በሥጋ ወጥ ተሠርቶ፣ እንፋሎቱ ሳይወጣ በፕላስቲክ ዕቃ ታሸገ እንበል። አውቶቡሱ በ11 ሰዓት ንጋት ተነሥቶ፣ ከጣርማ በር ብርድ ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ወርዶ፣ ከሚሴ ላይ በ7 ሰዓት ቀን ምሳ ተበላ። በመካከሉ 17 ሰዓት አልፏል። በሙቀት ጊዜ አንዳንድ ባክቴሪያ በ20 ወይም በ30 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል፤ እኛ የሌሊቱን ቅዝቃዜ አስበን በሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ይታጠፍ ብንል እንኳ፣ 17 እጥፋት አንዱን ወደ 131 ሺህ ያደርሰዋል። በአንድ ግራም ውስጥ 10 ብቻ ቢኖሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይሆናሉ ማለት ነው። የእንጀራው ኮምጣጣነት ባክቴሪያን የሚያዳክም ቢሆንም፣ ወጡ ኮምጣጣነቱን ያለዝበዋል። ባዶ እንጀራ ግን ቀዝቅዞ በጨርቅ ከተጠቀለለ ሁለት ቀን ያህል ይቆያል፤ ጠላቱ ባክቴሪያ ሳይሆን ሻጋታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ስሕተት አለ። «ሽታው ካልተለወጠ ደኅና ነው» ወይም «መልሰን ብናሞቀው ይድናል» የሚለው ነው። ከሰው እጅና አፍንጫ ወደ ምግብ የሚተላለፈው ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ሽታ የለውም፤ ባክቴሪያው በሙቀት ቢሞት እንኳ መርዙ አይጠፋም። ማስመለሱም ገና አውቶቡሱ መንገድ ላይ ሳለ ሊጀምር ይችላል።

የደረቀ ስንቅም ቢሆን የራሱ ዘዴ አለው። ትኩስ ዳቦ ቆሎ በላስቲክ ከታሰረ እንፋሎቱ ግድግዳው ላይ ወደ ጠብታነት ተለውጦ ተመልሶ ያርሰዋል። ስለዚህ ፈጽሞ መቀዝቀዝ አለበት። መድረቁን ለማወቅ አንዱን መስበር ነው፤ «ቀጭ» ካለ ደርቋል፣ ከተለመጠ ግን ወደ ምጣዱ ይመለስ። ቋንጣም እንዲሁ ነው፤ መሐሉ ለስላሳ ከሆነ ገና አልደረሰም።

ከመበላሸት ባሻገር መፍሰስም አለ። አዲስ አበባ ላይ በሚገባ የተከደነ የወጥ ዕቃ ጣርማ በር ላይ ለምን ይፈሳል? መንገዱ እዚያ ከ3000 ሜትር በላይ ስለሚወጣ የውጭው የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ በክዳኑ ሥር ያለው አየር በአንድ አሥረኛ ያህል ለመስፋፋት ሲሞክር ወጡን በስንጥቁ በኩል ይገፋዋል። የአውቶቡሱ መንገጫገጭ ሲጨመርበት የጎረቤት ነጠላ ይበላሻል። ጭኮ በዚህ ረገድ ያታልላል። የነጠረ ቅቤ ውሃ ስለሌለው አይበላሽም፤ ነገር ግን በሸዋ ሮቢት ሙቀት ስለሚቀልጥ ክዳኑ በጠበቀ ቆርቆሮ ካልተያዘ ልብስ ያቀባል። በዚያ ላይ ጉዞው ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለ ለጾመኛ አይሆንም።

ለእኔ ከሁሉ የሚሻለው በሶ ነው፤ ችግሩ በሚንገጫገጭ አውቶቡስ ውስጥ ዱቄቱ መብነኑ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። በሶውን ከጨው ጋር ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን በትንንሽ ላስቲክ ከፋፍሎ መያዝ፤ ሲርብ ጥቂት ውሃ ጨምሮ፣ አፉን አጥብቆ ይዞ ከውጭ ማሸት ነው። እጅም ምግቡን አይነካም። ውሃ የነካው በሶ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እንደ ወጥ ስለሚቆጠር ወዲያው መበላት አለበት። ውሃውም ከቤት የመጣ ወይም የፈላ ይሁን፤ ከመንገድ ዳር ምንጭ በተቀዳ ውሃ ከተለወሰ ወራት የሚቆየው ስንቅ በአንድ ጉንጭ ውሃ የበሽታ መንገድ ይሆናል።