በገናን ዝዝ የሚያሰኘው ገበቴው አይደለም

የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሚገኝበት በኪቶ ፉርዲሳ የሚማር የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ስለ ፉሪየር ሳይሰማ አይመረቅም። ያው ተማሪ በዐቢይ ጾም በገና ሲሰማ ግን፣ ዝዝ የሚለው ድምፅ ከትልቁ ገበቴ የሚወጣ ነው ቢል አይገርመኝም። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ስለ አውታር ከሚባሉት ነገሮች ሦስቱን ብናስተካክል ይበቃናል፤ የበገናው ነገር በእነርሱ ላይ የቆመ ነው።

የመጀመሪያው፣ «አንድ ክር አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል» የሚለው ነው። አንድ ክር ሲመታ ብዙ ድምፆችን በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ክራር ላይ ከበርኩማው እስከ ቀንበሩ 60 ሴንቲሜትር የሆነ ክር በሰከንድ 220 ጊዜ እንዲርገበገብ ተቃኝቷል እንበል። ክሩ በሙሉ ቁመቱ 220 ጊዜ ሲርገበገብ፣ በዚያው ቅጽበት በሁለት እኩል ክፍል ተከፍሎ 440፣ በሦስት ተከፍሎ 660፣ በአራት ተከፍሎ 880 እያለ ይቀጥላል። እነዚህን ሃርሞኒክ እንላቸዋለን። ጆሮ አብዛኛውን ጊዜ ነጣጥሎ አይሰማቸውም፤ አንድ ላይ አዋህዶ «የክራር ድምፅ» ይላቸዋል። ፈረንሳዊው መርሰን እ.ኤ.አ. በ1636 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ከአንድ ክር ከዋናው ሌላ ከፍ ከፍ ያሉ ድምፆች እንደሚሰሙ ጽፏል፤ ስለዚህ ነገሩ አዲስ አይደለም።

ማረጋገጥ የሚፈልግ ክራሩን ያንሳ። ጣቱን በ30 ሴንቲሜትሩ ላይ ሳይጫን እንዲሁ ነካ አድርጎ፣ በርኩማው አጠገብ ይምታና ወዲያው ጣቱን ያንሳ። ክሩ ባለበት ቃና ፋንታ አንድ ኦክታቭ የዘለለ ቀጭን ድምፅ ይወጣል። በ20 ሴንቲሜትሩ ቢነካ ሦስተኛው፣ በ15ቱ አራተኛው ይወጣል። ጣቱ አዲስ ድምፅ አልፈጠረም፤ የተነካው ቦታ ላይ የሚንቀሳቀሱትን አፍኖ ሌሎቹን ብቻ አስቀረ። ቦታውን በትንሹ ከሳተው ድምፁ ደብዛዛ ይሆናል፤ በዚህ ይታወቃል።

ሁለተኛው፣ «የድምፁን ቀለም የሚወስነው እንጨቱና ቆዳው ብቻ ነው» የሚለው ነው። ሳጥኑና ቆዳው አንዳንዶቹን ሃርሞኒኮች ያጎላሉ፣ ሌሎቹን ይውጣሉ፤ ይህ እውነት ነው። ግን ክሩ ያልሰጣቸውን ሊያጎሉ አይችሉም፤ ክሩ የሚሰጠው ደግሞ በተመታበት ቦታ ይወሰናል። የተመታው ነጥብ ለአንድ ሃርሞኒክ ዝም ብሎ የሚቆም ነጥብ ከሆነ ያ ሃርሞኒክ አይነሳም። ያን የክራር ክር መሃሉ ላይ ብንመታው ሁለተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ይቀራሉ። ሦስተኛው ይኖራል፤ ግን የእንቅስቃሴው ስፋት ከዋናው 11 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ድምፁ ክብ፣ ባዶ ይመስላል። ከበርኩማው 6 ሴንቲሜትር ርቀን ብንመታው ግን ሁለተኛው ወደ 48 በመቶ፣ ሦስተኛው ወደ 29 በመቶ ይደርሳል፤ ድምፁ ይሳላል። እንጨቱ ያው፣ ቆዳው ያው፣ ክሩም ያው ነው።

የክሩ ዓይነትም ይቆጠራል። ናይለንና ጅማት ከፍ ያሉትን ሃርሞኒኮች በውስጣቸው ቶሎ ይበሏቸዋል፣ ብረት ያቆያቸዋል። መሰንቆ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፤ የደጋኑ ጭራ ያለማቋረጥ ክሩን እየያዘ እየለቀቀ ስለሚሄድ ሃርሞኒኮቹ ተመትተው አይጠፉም፣ በየዙሩ ይመገባሉ። ለዚህ ነው መሰንቆ የሚያለቅሰው፣ ክራር ግን ብልጭ ብሎ የሚያልፈው።

አሁን ወደ በገናው። ገበቴው ትልቅ መሆኑ ዝቅተኛ ድምፆችን ለማውጣት ይረዳል፤ ዝዝታውን ግን አያመጣም። ዝዝታው የሚመጣው በየአውታሩና በበርኩማው መሃል ከሚገቡት ከእንዝራዎቹ፣ ከትንንሾቹ የቆዳ ቁርጥራጮች ነው። እነዚያን አውጥታችሁ አውታሩን ብትመቱት ያው ገበቴ፣ ያው የበግ አንጀት ደብዛዛና አጭር ድምፅ ይሰጣችኋል። ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

እንዴት ይሠራል? ተራ በርኩማ ላይ አውታሩ አንድ ቋሚ ጫፍ አለው። እንዝራው ሲገባ ግን አውታሩ ሲወርድ ገጹን እየነካ፣ ሲወጣ እየለቀቀ ይሄዳል። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ ከሆነ 100 ጊዜ ትንሽ ይላጋል፤ በእያንዳንዱ ግጭትም ከዋናው ንዝረት ጥቂት ጉልበት ተወስዶ ወደ ላይኞቹ ሃርሞኒኮች ይተላለፋል። ከላይ ያየነው የመምቻ ነጥብ ሕግም እዚህ ላይ ይላላል፤ አውታሩ ሲመታ ያልተነሳው ሃርሞኒክ ትንሽ ቆይቶ ሊነሳ ይችላል። ሕንዳዊው ፊዚሲስት ራማን እ.ኤ.አ. በ1921 በሕንድ የአውታር መሣሪያ በተምቡራ ላይ ይህንኑ አይቷል። ተምቡራ በርኩማው ሰፊ ሆኖ ከአውታሩ ሥር ቀጭን ፈትል ይገባበታል። በተመታበት ነጥብ መጥፋት የነበረባቸው ሃርሞኒኮች አልጠፉም፣ እንዲያውም በርትተው ተሰሙ።

የእንዝራ ማስተካከል ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቀው ስለዚህ ነው። በጣም ከተገፋ አውታሩ ገጹን ሳይለቅ ይቀራል፤ ድምፁ ይታፈናል። በጣም ከወጣ ደግሞ አይነካም፤ ዝዝታው ይጠፋል። በሁለቱ መሃል ያለው ቦታ ጠባብ ነው፣ ከአውታር አውታርም ይለያያል። በጅማ ክረምት ነገሩ ይብሳል፤ አንጀትም ቆዳም እርጥበት ይጠጣሉ። ቃኝተው የተዉት በገና በማግስቱ ቅኝቱ ቢዛነፍና አንዱ አውታር ዝዝ ማለት ቢያቆም ገበቴው አልተበላሸም፤ መጀመሪያ አውታሩን ቃኝቶ ከዚያ እንዝራውን ማየት ነው። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው ሁለት ጊዜ ይለፋል፤ ውጥረቱ ሲለወጥ አውታሩ ገጹን የሚነካበት መጠንም ይለወጣልና።

ሦስተኛው፣ «ዋናው ድምፅ ጎልቶ ካልወጣ ቃናው አይታወቅም» የሚለው ነው። ይህን ለመሞከር ከስልክ በላይ አያስፈልግም። የስልክ ስፒከር በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ከሞላ ጎደል ማውጣት አይችልም። በገና ግን በስልክ ሲሰማ ቃናው በቀጥታ ይታወቃል፤ የወንድ ድምፅ የሚከተለው ያው ዝቅተኛ ዜማ ነው። ስፒከሩ የሚያወጣው 200፣ 300፣ 400፣ 500 ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለው እኩል ክፍተት 100 ነውና ጆሮ የጎደለውን ሞልቶ 100 ብሎ ይሰማዋል። ለዚህ ጎደሎ ሙሌት በገና የተመቸ ነው፤ እንዝራው ከፍ ያሉትን ሃርሞኒኮች ስላበዛቸው ጆሮ የሚቆጥረው ብዙ አለው። የኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ በስልኩ የድምፅ ስፔክትረም የሚያሳይ አፕ ጭኖ ቢመለከት፣ 100 ላይ ያለው መስመር እጅግ አጭር ወይም የሌለ ሊሆን ይችላል። ያኔ የመጀመሪያውን መስመር አንስቶ «ቃናው ይህ ነው» ማለት ያሳስታል፤ 200 ብሎ አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጎ ይጽፈዋል። መለካት ያለበት በአጎራባች መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ነው፤ በተለይ አራት አምስት መስመር አልፎ ርቀቱ እኩል መሆኑን ካየ በኋላ።