የጠፋ ሻንጣ አቤቱታ፦ ከአማርኛ ማስታወሻ ወደ እንግሊዝኛ ደብዳቤ

ሻንጣ የጠፋበት መንገደኛ ለአየር መንገዱ የሚጽፈው ደብዳቤ ከመደበኛ ማመልከቻ ይልቅ ለሂሳብ ሰነድ ይቀርባል። የሚያነበው የካሳ ክፍል ሠራተኛ የሚፈልገው አራት ነገር ነው፦ የትኛው ሻንጣ፣ መቼ መድረስ ነበረበት፣ ምን ነበረበት፣ ስንት ይጠየቃል። መንገደኛው የሆነውን ሁሉ ትኩስ እያለ በአማርኛ ከጻፈ ጥሬ ዕቃው በእጁ አለ። ችግሩ የሚጀምረው ማስታወሻው እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይሻላል። በዋሽንግተን የምትኖር ሴት ለእህቷ ሠርግ በአውሮፓ በኩል ወደ አዲስ አበባ ተጓዘች እንበል። በደብተሯ ላይ የሚከተለው ተጽፏል፦

«ሰኞ ጥር 12 ሌሊት 8 ሰዓት ቦሌ ደረስን። ትንሹ ሻንጣ መጣ፣ ትልቁ ቀረ። ነገ ይመጣል አሉኝ፣ ወረቀት ሰጡኝ። ሐሙስ ስደውል አልተገኘም ተባለ። የሙሽራው ሱፍና ጫማ፣ የእናቴ ስጦታ፣ ልብሶቼ ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። እሑድ ሠርግ ነው። አርብ ሌላ ሱፍ ገዛን። በጣም አዝኛለሁ።»

የመጀመሪያው መስመር ብቻ ሦስት ወጥመድ አለበት። ዘመኑ 2017 ከሆነ ጥር 12 በአውሮፓ አቆጣጠር ጥር 20 ቀን 2025 ነው። ሰዓቱም ሌሊት 8 ሲሆን በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 02፡00 ማለት ነው፤ ቁጥሩ እንዳለ ከተጻፈ አውሮፕላኑን ስድስት ሰዓት ያዘገየዋል። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚረሳው ሦስተኛው ነው። በአገርኛው ልማድ ያ ሌሊት ገና የሰኞ ነው፣ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነውና። በአየር መንገዱ መዝገብ ግን ቀኑ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ተለውጧል። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ መግባት ያለበት ማክሰኞ፣ ጥር 21 ቀን 2025 ነው። አንድ ቀን ሲሳሳት የበረራው መዝገብና ደብዳቤው አይገናኙም፤ ከዚህም በላይ ሕጉ ቀን ይቆጥራል።

ሕጉ የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም አሜሪካም አባል ስለሆኑ በዚህ ጉዞ ላይ ይሠራል። በስምምነቱ መሠረት አየር መንገዱ መጥፋቱን ካመነ፣ ወይም ሻንጣው መድረስ ከነበረበት ቀን በኋላ 21 ቀን ካለፈ፣ መንገደኛው እንደጠፋ ቆጥሮ ካሳ መጠየቅ ይችላል። ከዚያ በፊት ሻንጣው የዘገየ እንጂ የጠፋ አይደለም። በዚህች ሴት ጉዳይ 21ኛው ቀን የካቲት 11 ቀን 2025፣ ማለትም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 4 ቀን 2017 ነው። በአራተኛው ቀን «ጠፍቷልና ካሳ ይከፈለኝ» ብላ ብትጽፍ የሚመጣላት መልስ «ገና እየፈለግን ነው» የሚል ነው፤ መልሱም ትክክል ነው።

ይህ ማለት ግን እስከዚያ ዝም ይባላል ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት አጭር ደብዳቤ ይላካል፤ ሻንጣው አለመድረሱን ይገልጻል፣ ለአስቸኳይ ግዢ የወጣውን ወጪ ይጠይቃል። 21 ቀኑ ሲያልፍ ሁለተኛው፣ ሙሉው የካሳ ጥያቄ ይከተላል። ሻንጣው ዘግይቶ ከተገኘ ደግሞ ሌላ 21 ቀን መቆጠር ይጀምራል፦ ስለ መዘግየቱ የሚቀርብ አቤቱታ ሻንጣው ለባለቤቱ ከተሰጠበት ቀን አንስቶ በዚያ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ መድረስ አለበት። ተሰብሮ ወይም ጎድሎ ከተገኘ ጊዜው ሰባት ቀን ብቻ ነው። በስልክ የተነገረ አይቆጠርም።

«ወረቀት ሰጡኝ» የምትለው ሐረግ ከማስታወሻው ሁሉ ዋጋ ያላት ናት። ወረቀቱ በአየር ማረፊያው የሻንጣ መስኮት የሚሞላው የብልሽትና የመጥፋት ሪፖርት ነው፤ ብዙዎች ፒአይአር ይሉታል። በላዩ ላይ አሥር ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለ። በቦሌ የተከፈተ ከሆነ ADD ብሎ ይጀምራል፤ ቀጥሎ የአየር መንገዱ ሁለት ምልክት፣ ከዚያ አምስት ቁጥር ይመጣል፤ ለምሳሌ ADDXX12345። ይህ መለያ፣ ከመሳፈሪያ ካርዱ ጋር የተለጠፈው የሻንጣ ታግ ቁጥርና የበረራው ቁጥር በደብዳቤው አናት ላይ ይቀመጣሉ። ስሙም ቲኬቱ ላይ ባለው ፊደል አጻጻፍና ቅደም ተከተል ይጻፋል። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም በተመዘገበበት ቲኬት ላይ በሌላ አጻጻፍ መምጣት ፋይሉን ያዘገያል።

«ነገ ይመጣል አሉኝ» እና «አልተገኘም ተባለ» በአማርኛ ምንም አይጎድላቸውም። በእንግሊዝኛው ግን ማን፣ የት፣ መቼ እንዳለ ካልተጻፈ ወሬ ይሆናሉ። «ጥር 21 ቀን በቦሌ የሻንጣ አገልግሎት መስኮት የነበረ ሠራተኛ በማግስቱ እንደሚደርስ ነገረኝ፤ ጥር 23 ቀን ስደውል አለመገኘቱ ተገለጸልኝ» በሚል ይስተካከላል። የሠራተኛው ስም ከታወቀ ይጨመራል፤ ካልታወቀ መፍጠር አያስፈልግም።

ሐዘኑስ? ደብዳቤው በሰላምታና በብሶት ተጀምሮ ጥያቄው ሦስተኛው ገጽ ላይ ከመጣ ማንም እዚያ አይደርስም። የካሳ ክፍሉ የሚያሰላው በደረሰኝ ነውና ስለ ሐዘን የተጻፈው አንቀጽ ሂሳቡን እምብዛም አይለውጠውም። ሠርጉ ግን መውጣት የለበትም። «ሠርጉ ጥር 26 ቀን ስለነበረ ጥር 24 ቀን ሱፍና ጫማ መግዛት ግድ ሆነ» ሲባል ወጪው ለምን አስፈላጊ እንደነበረ ያስረዳል። ያው ሐዘን ምክንያት ሆኖ ገባ ማለት ነው።

ዝርዝሩ ላይ «ልብሶቼ ሁሉ» አይሠራም። እያንዳንዱ ዕቃ ከተገዛበት ጊዜና ዋጋ ጋር ይቀመጣል፦ የሙሽራው ሱፍና ጫማ 420 ዶላር፣ ሁለት ቀሚስና ካፖርት 310፣ ለእናት የተገዛ ስጦታ 260፣ ሻንጣው ራሱ 120፤ ድምሩ 1,110 ዶላር። ያገለገለ ዕቃ በአዲስ ዋጋ እንደማይከፈል መጠበቅ ነው። ደረሰኝ ለሌለው፣ በተለይ በሸማኔና በልብስ ሰፊ ለተሠራ የሐበሻ ቀሚስ፣ ከሠሪው የተጻፈ የዋጋ ማረጋገጫና ቀሚሱ ተለብሶ የተነሣ ፎቶ ይረዳሉ። በአዲስ አበባ የተገዛው ሱፍ በብር ደረሰኙ ለብቻው ይጠየቃል። ዋጋን መቆለል ግን ይጎዳል። አንድ የማይታመን ቁጥር ሌሎቹንም ያስጠረጥራል።

ጣሪያም አለ። ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ የሚከፈለው እስከ 1,519 ኤስዲአር ነው። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት በአምስት ገንዘቦች ላይ ተመሥርቶ የሚያወጣው መለኪያ ሲሆን ጣሪያው ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ይደርሳል። ይህ የሚቆጠረው በሰው እንጂ በሻንጣ አይደለም፤ የጠፋው ዕቃና የአስቸኳይ ግዢው ወጪም በአንድነት በእሱ ሥር ይገባሉ። የላቀ ዋጋ ያለው ዕቃ ሲያስረክብ ልዩ መግለጫ ሰጥቶ ተጨማሪ ክፍያ የከፈለ ከዚህ በላይ ሊጠይቅ ይችላል።

ጉዞው በሁለት አየር መንገዶች ከሆነ አንዱ ወደ ሌላው መምራቱ የተለመደ ነው። በስምምነቱ መሠረት መንገደኛው የመጀመሪያውን፣ የመጨረሻውንና ሻንጣው በእጁ እያለ የጠፋበትን አየር መንገድ መጠየቅ ይችላል። በተግባር የሚቀለው ሪፖርቱን ለከፈተው ለመጨረሻው መጻፍ ነው። ዋናው ደረሰኝ አይላክም፤ ቅጂው ይበቃል። ፍርድ ቤት መሄድ ካስፈለገ መዳረሻው ከተደረሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ብቻ አለ፤ ለዚህች መንገደኛ እንደ ቦሌው ቀን ሳይሆን እንደ ቲኬቱ ነው የሚታየው። ደርሶ መልስ ከሆነ የመጨረሻ መዳረሻዋ ዋሽንግተን ነውና ጠበቃ ሁለቱንም ቀን አይቶ በቀዳሚው ይሠራል።

መልሱ ብዙ ጊዜ ከተጠየቀው ያነሰ ገንዘብ ከሚፈረም ቅጽ ጋር ይዞ ይመጣል። ቅጹ ክፍያው የመጨረሻ መሆኑንና ሌላ ጥያቄ እንደማይቀርብ የሚል ከሆነ ፊርማው ጉዳዩን ይዘጋዋል። በመጠኑ ያልተስማማ መንገደኛ ሳይፈርም የትኛው ዕቃ ለምን እንደተቀነሰ በጽሑፍ እንዲገለጽለት ይጠይቃል፤ ለዚያ ዕቃም የጎደለውን ማስረጃ አያይዞ በዚያው መለያ ቁጥር ይመልሳል።