ፀሐይ የበላው፣ ውሃ የነካው

አክስቴ ሶፋዋን የገዛችው ሥራቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ከሚመለሱ አሜሪካውያን ነው። ጥቁር አረንጓዴ ከፋይ የለበሰ፣ ስትቀመጥበት ሰውነትን የሚውጥ ዓይነት። የአዲስ አበባው ሳሎኗ በምዕራብ በኩል ሰፊ መስኮት አለው፤ ሶፋው ከሥሩ ተቀመጠ። በሦስተኛው ዓመት በመስኮቱ በኩል ያለው የክንድ መደገፊያ ወደ ሰማያዊ ያደላ ግራጫ ሆነ። ቆሽሾ ነው ብላ አንድ ቅዳሜ በባልዲ ውሃ ላይ የዱቄት ሳሙና በጠበጠችና በስፖንጅ አሸችው። ሲደርቅ ግራጫው ከነበረበት አልተነቃነቀም። በላዩ ላይ ግን ጠርዙ የጠቆረ ክብ ታተመ፣ የከፋዩም ፀጉር ተጣብቆ ተኛ።

የተጠራው ሶፋ ሠሪ መቀመጫውን ትራስ አነሳና ከሥሩ የተሰፋችውን ትንሽ ነጭ ጨርቅ አሳያት። በላይዋ S የምትል ፊደል አለች።

«እማማ፣ ይቺ ፊደል ውሃ እንዳይነካኝ ነው የምትለው» አላት።

«ግራጫውስ? እሱም ከውሃው ነው?»

«እሱን ያደረገችው ፀሐይ ናት። ስለ ፀሐይ የሚናገር ፊደል እዚህ ላይ የለም።»

በአማርኛ ለሁለቱም ጉዳት «ቀለሙን ለቀቀ» ስለምንል እንሳሳታለን። ውሃ ቀለሙን ከክሩ ላይ ያነሳና ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል፤ ፀሐይ ግን ቀለሙን እዚያው ክሩ ላይ እንዳለ ትሰብረዋለች። አንዱን የሚችል ጨርቅ ሌላውን ላይችል ይችላል።

በአሜሪካ የሶፋ ሥራ የተለመዱት ፊደላት አራት ናቸው። W ውሃ ያለበት ማጽጃ ይስማማዋል ማለት ነው። ይህም ቢሆን ባልዲ ይደፋበታል ማለት አይደለም፤ ለስላሳ ሳሙና በትንሽ ውሃ ተመትቶ አረፋው ብቻ ይወሰድና ጨርቁ ላይ ቀስ ብሎ ይታሻል። S ውሃ በሌለው ማጽጃ ብቻ ይጽዳ ይላል፤ ድራይ ክሊኒንግ ቤት የሚጠቀሙበትን ዓይነት ፈሳሽ ማለት ነው። (ቤንዚን ማለት አይደለም። ቤንዚን ነክሮ ሳሎን ውስጥ ሶፋ የሚያሽ ሰው አይቻለሁ፤ አጠገቡ የከሰል ምድጃ ነበር።) WS ሁለቱንም ይችላል። X ሁለቱንም አይችልም፤ በቫኪዩም ወይም በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ከማንሳት በቀር አትንኩት ነው ትርጉሙ።

የአክስቴ ከፋይ ቪስኮስ ነበር። ቪስኮስ ውሃ ሲጠጣ ይደክማል፣ የቆመው ፀጉርም ይተኛል። ክቡን የሠራው ደግሞ የውሃው ጉዞ ነው። ውሃው ከርጥቡ ቦታ ወደ ደረቁ ሲስፋፋ በውስጡ ያገኘውን አቧራ፣ ከፋብሪካው የመጣውን ማጠንከሪያና የተፈታውን ቀለም እየገፋ ይሄድና በመጨረሻ በሚተንበት ጠርዝ ላይ ሁሉንም ጥሎ ይደርቃል። ያንን ጠርዝ በርጥብ ስፖንጅ ማሸት ክቡን ማስፋት ብቻ ነው።

የፀሐዩ ነገር ሌላ ነው። ቀለም ቀለም ሆኖ የሚታየን ብርሃን ስለሚውጥ ነው፤ የዋጠው ኃይል ግን ከጊዜ ብዛት ራሱን ይሰባብረዋል። ሙቀትና እርጥበትም ያፋጥኑታል። አረንጓዴ ብዙ ጊዜ ከቢጫና ከሰማያዊ ቀለሞች ተደባልቆ ይሠራል፤ ቢጫው ቀድሞ ሲሞት የሚተርፈው ሰማያዊው ነው። ሶፋው ወደ ሰማያዊ ያደላው ለዚህ ነው።

መስኮቱ ዝግ ነው ብሎ መጽናናትም አያዋጣም። ተራ መስታወት ቆዳን የሚያቃጥለውን የአልትራቫዮሌት ክፍል አብዛኛውን ያስቀራል፤ ሌላውን የአልትራቫዮሌት ክፍል ግን ብዙውን ያሳልፋል፣ የሚታየውን ብርሃን ደግሞ ሊያስቀረው አይችልም። መስታወት ላይ የሚለጠፈው ፊልምም መደብዘዙን ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም። በዚያ ላይ ከባሕር ጠለል በ1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር አልትራቫዮሌቱ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ዝቅ ብሎ የሚገባው የምዕራብ ፀሐይ ደግሞ ጣሪያ የማያስቀረው ነው።

ጨርቅ ፀሐይን ምን ያህል እንደሚችል የሚለካው በቁጥር ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት መለኪያ የተለያየ ሰማያዊ ቀለም የተነከሩ ስምንት የሱፍ ቁራጮች ናቸው። ጨርቁ ከእነሱ ጋር በኃይለኛ መብራት ሥር ይቀመጣል፣ ከየትኛው ቁራጭ ጋር እኩል እንደደበዘዘም ይታያል። 1 ቶሎ የሚጠፋ፣ 8 እጅግ የሚጸና ነው፤ ከአንዱ ቁጥር ወደሚቀጥለው ሲታለፍ ለመደብዘዝ የሚፈጀው ጊዜ በግምት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። አሜሪካኖች ደግሞ በመብራት ሰዓት ይቆጥራሉ። ለቢሮና ለሆቴል የሚሸጥ የሶፋ ጨርቅ ከ40 ሰዓት በኋላ፣ መጋረጃ ደግሞ መስኮቱ ላይ ስለሚውል ከ60 ሰዓት በኋላ፣ ከ5 ቢያንስ 4 ነጥብ ማምጣት አለበት። ሰዓቱ የመብራቱ እንጂ የሰማዩ ፀሐይ አይደለም። እኔ በመስኮት ሥር ለሚቀመጥ ነገር በስምንቱ መለኪያ ከ5 በታች አልገዛም። ፈሳሹ ፈትል ሳይሆን በፊት ቀለም የተቀላቀለበት አክሪሊክ ካገኘሁ ለዚያ ቦታ እሱን እመርጣለሁ፤ ቀለሙ ከክሩ ላይ ሳይሆን ከውስጡ ነውና።

መጋረጃ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። መጋረጃ ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው ከልብስ ጋር በአንድ ዓይነት ምልክት ነው፦ የመታጠቢያ ሳህን፣ ሦስት ማዕዘን፣ ክብ። በክቡ ውስጥ ያለው W ሶፋው ላይ ካለው W ጋር አንድ አይደለም። ሶፋው ላይ በውሃ አረፋ አጽዳኝ ይላል፤ መጋረጃው ላይ ግን በባለሙያ ልዩ የውሃ እጥበት ይደረግልኝ ማለት ነው። ሳህኑ ተሰርዞ ከሆነ ቤት ማጠብ የለም።

ፀሐይ ከቀለሙ አልፋ ክሩንም ትበላለች፣ በተለይ ሐርንና ናይለንን። መጋረጃው ተሰቅሎ ሳለ ጤነኛ ይመስላል፤ ከአጣቢ ሲመለስ ግን በእጥፋቶቹ ጫፍ ላይ ቁልቁል ተተርትሮ ይገኛል። ይሄኔ አጣቢው ይሰደባል። ከማሳጠብ በፊት ፀሐይ የሚያገኘውን እጥፋት ጫፍ በሁለት እጅ ይዞ ቀስ ብሎ ሳብ ማድረግ ነው፤ ክሩ ከተንጫጫ ገና ሳይታጠብ አልቋል። ገበር የሚሰፋለትም ለዚህ ነው፤ ፀሐይዋን ተቀብሎ ቀድሞ የሚያልቀው ርካሹ ጨርቅ እንዲሆን።

ሶፋ ሠሪው ያንለት ግራጫው እድፍ አለመሆኑን በቀላሉ ነበር ያሳያት። ነጭ ጨርቅ አርጥቦ ማንም በማያየው ጥግ ላይ ቀስ ብሎ ጫነው፤ ጨርቁ አረንጓዴ ሆነ፣ ያ የውሃው ጉዳይ ነው። ቀጥሎ የመደገፊያውን ስፌት ትንሽ ፈታና ወደ ውስጥ የታጠፈውን ከፋይ ገለጠው። ጥቁር አረንጓዴ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን።

የጠፋ ቀለም በማጽጃ አይመለስምና አዲስ ጨርቅ ሊለብስ ሆነ። አክስቴ መርካቶ ሄዳ ከሦስት ጨርቆች ሩብ ሩብ ሜትር አስቆረጠች። እያንዳንዱን ግማሹን በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍና በዚያው የምዕራብ መስኮት ላይ ፊቱን ወደ መስታወቱ አድርጋ በፕላስተር ለጠፈችው። በስድስተኛው ሳምንት ፎይሉን ላጠችና በቀን ብርሃን በረንዳ ላይ ዘረጋቻቸው። ሰማያዊው ከመሐሉ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ለሁለት ተከፍሏል። ቀዩ ጠጋ ብሎ ለሚያይ ብቻ የሚታይ ልዩነት ነበረው። ቡናማው ላይ መስመሩን ፈልጋ አጣችው፤ እሷ ግን ከመጀመሪያውም የወደደችው ሰማያዊውን ነበር፣ አሁንም እሱን በእጇ ይዛ ሶፋውን ወደ ሌላኛው ግድግዳ ለማዞር በእርምጃ ስትለካ አገኘኋት።